ድንችና ካሮት ፉርን ውስጥ ቀላ ብሎ እንዲወጣ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሥራ ብቻ ነው። ድንችና ካሮት ፉርን ውስጥ ገብቶ፣ ውጪው ቀላ ብሎ ውስጡ ለስልሶ እንዲወጣ እንዴት እንደሚደረግ ነው። መንሱር ያላችሁትም፣ ሌላ ሰፈር በየቤቱ የምትሠሩትም፣ ማዳም "ሐምሪ" ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አብስዪ ብቻ ማለቷ አይደለም፤ ቀላ ይበል ማለቷ ነው። ድንቹ በስሎ ነጭ ሆኖ ከወጣ እሷ አልበሰለም ትላለች። ያን ጊዜ መልሳችሁ ታስገባላችሁ፤ ድንቹ ይደርቃል፣ ካሮቱ ያራል፣ ሰዓቱም ያልፋል። በረመዳን ደግሞ ይብሳል። የቤቱ ሰው መግሪብን በደቂቃ ቆጥሮ ይጠብቃል፤ ከእናንተም የምትጾመው አትቀምስም፣ የማትጾመውም በዚያ ቤት ውስጥ ቀን ለቀን ድስት ስትቀምስ መታየት አትፈልግም። ስለዚህ ሳይቀመስ በዓይን፣ በጆሮና በሹካ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በውሃ ላይ ነው። ሽንኩርት ስታቁላሉ ያያችሁትን አስቡ። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፤ ድስቱ ውስጥ ይንጨረጨራል እንጂ አይቀላም። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀላ ማለት ይጀምራል። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ጥሬው መጀመሪያ እንፋሎት ያወጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ነው ቡናማ የሚሆነው። ድንችና ካሮትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። ከድንች አምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ነው፤ ካሮት ከዚያም ይበልጣል። የቁራጩ ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ፉርኑ ምንም ያህል ቢግል ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ላይ ያልቃል፣ ቁራጩም ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አያልፍም። ቀለም የሚመጣው ላዩ ደርቆ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ነው። እንግዲህ የእኛ ሥራ ውሃው ቶሎ እንዲወጣና የወጣውም እንፋሎት ተመልሶ ቁራጩ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። አቆራረጡም፣ ማድረቁም፣ ሲኒያው ላይ ማራራቁም፣ እሳቱም ለዚህ ነው።

ከአቆራረጥ እንጀምር። አንድ ሲኒያ ላይ የሚሆኑት ቁራጮች እኩል ይሁኑ። ትንሹ ከትልቁ ጋር ከተደባለቀ ትልቁ እስኪበስል ትንሹ ያራል። መለኪያ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፣ ጣታችሁ ይበቃል። የአውራ ጣት ስፋት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ጣት ተጣምሮ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስተኛው መጠን መካከለኛ ድንች በአራት የተከፈለ ነው።

ፉርኑ በ220 ዲግሪ በደንብ ከጋለ፣ በአውራ ጣት ልክ የተቆረጠ ድንች ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በሁለት ጣት ልክ የተቆረጠው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ፣ በአራት የተከፈለው ደግሞ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይወስዳል። ካሮት በተመሳሳይ መጠን ከተቆረጠ ከድንቹ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይቀድማል። ምክንያቱ ካሮት ስኳር ስላለው ነው። ውሃው ሲወጣ ስኳሩ ላዩ ላይ ይቀራል፣ እሱም ቶሎ ቀላ ብሎ ቶሎ ይጠቁራል። ደግሞም ካሮት በጣም ይኮማተራል፤ ሲገባ ከድንቹ እኩል የነበረው ሲወጣ ያንሳል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አላችሁ። ወይ ካሮቱን ከድንቹ ትንሽ ተለቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ወይ እኩል ቆርጣችሁ ድንቹ ከገባ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አስገቡት። የካሮት ቅርጽ ራሱ ያታልላል፤ ራሱ ወፍራም ጭራው ቀጭን ነው። ወፍራሙን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁት፣ ጭራውን ረዘም አድርጋችሁ ሳይሰነጠቅ ተዉት። ያን ጊዜ ውፍረቱ ይቀራረባል።

ከተቆረጠ በኋላ ድንቹን አሥር ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማቆየት ጥሩ ነው። ውሃው ነጭ ሲሆን ታያላችሁ፣ እሱ የድንቹ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ላዩ ላይ ከቀረ ቁራጮቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ሲኒያውም ላይ ይይዛል። ነገር ግን ከውሃ የወጣ ድንች ሳይደርቅ ከገባ የነከራችሁበት ዋጋ የለውም። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ በእጅ ሲነካ እርጥበት የማይቀር መሆን አለበት። ካሮቱንም እንዲሁ። ዘይት ለአንድ ኪሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በስሱ ማብረቅረቅ ነው ያለበት። ሲኒያው ሥር ዘይት ተኝቶ ከታየ በዝቷል። ጨው ለኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ጨው ውሃ ስለሚስብ ቀድማችሁ አትጨምሩ፤ ፉርን ልታስገቡ ስትሉ ነው የሚደረገው።

አሁን ሲኒያው ጋ ደረስን፤ ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ነው። ማዳም ሲኒያው ሞልቶ ማየት ትወድ ይሆናል። ግን ቁራጮቹ ተደራርበው ወይም ተጠጋግተው ከተቀመጡ የአንዱ እንፋሎት ሌላውን ያረጥበዋል። ያኔ መጥበስ ቀርቶ በእንፋሎት መቀቀል ይሆናል። ቆሎ ስትቆሉ ምጣዱን እንደማትሞሉት ሁሉ እዚህም አትሙሉ። በአንድ ንብርብር ዘርጉት፣ በየቁራጩ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ይኑር። ስፋቱ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲኒያ አንድ ኪሎ ያህል ይይዛል። ከዚያ ከበለጠ ሁለት ሲኒያ አድርጉት። የተቆረጠው ጠፍጣፋ ገጽ ወደታች ሆኖ ብረቱን ይንካ፤ መጀመሪያ የሚቀላው ብረቱን የነካው ጎን ነው። ሲኒያው ዝቅተኛ ጠርዝ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ጥልቅ የሆነው እንፋሎቱን ይዞ ያስቀራል።

ዶሮ በሲኒያ ሲሠራ ድንቹንና ካሮቱን ከዶሮው ሥር መደርደር የተለመደ ነው። ያ ምግብ ይጣፍጣል፣ የዶሮውን ጭማቂ ይጠጣል፣ ግን አይቀላም። ጭማቂው ውስጥ የተኛ ነገር ሊደርቅ አይችልም። ማዳም ዶሮውም አትክልቱም ቀላ ይበል ካለች ለየብቻ ጠብሳችሁ ሲቀርብ አንድ ላይ አድርጉት።

እሳቱን እንመልከት። በብዙ ቤት ያለው የጋዝ ፉርን ነው፤ አንዱ እሳት ከሥር፣ ሌላው ከላይ ለማቅላት። ስትለኩሱ በሩን አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ በሩ ተዘግቶ ጋዝ ከተጠራቀመ በኋላ ክብሪት መጫር ፊትን ያቃጥላል። ሳይያዝ ከቀረ ዝጉት፣ ጋዙ እስኪወጣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ እንደገና ሞክሩ። ከተያያዘ በኋላ ሃያ ደቂቃ ባዶውን ይጋል። ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ሊጥ የምታፈስ የለችም፤ ፉርኑም ሳይግል ድንች ከገባ ቀስ እያለ ውሃ ሲለቅ ይቆያል።

የፉርኑ ማዞሪያ 200 ወይም 250 የሚል ቁጥር ካለው ደግ ነው። አንዳንዱ ግን ከ1 እስከ 8 ብቻ ይላል፣ የአንዱ ፋብሪካ 6 ደግሞ የሌላው 6 አይደለም። ቁጥሩ ጨርሶ የጠፋም ሞልቷል። ያን ጊዜ በዱቄት ፈትኑት። ፉርኑ ከጋለ በኋላ አንድ ማንኪያ ነጭ የስንዴ ዱቄት ፎይል ላይ በስሱ በትናችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ አስቀምጡ። ዱቄቱ ነጭነቱን ካልለወጠ ሙቀቱ ገና ነው። ፈካ ያለ ወርቃማ ከሆነ ለኬክ የሚሆን ሙቀት ነው፣ ለእኛ ያንሳል። ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ ወደ 220 ደርሷል፣ ድንቹን አስገቡ። ካጨሰ ወይም ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ። ይህን አንድ ቀን ሠርታችሁ ማዞሪያው የት ላይ እንደነበር ብታስታውሱ ሁለተኛ መፈተን አያስፈልጋችሁም። በውስጡ ማራገቢያ ያለው የኤሌክትሪክ ፉርን ከሆነ ሃያ ዲግሪ ቀንሱ፤ የሚነፍሰው አየር እንፋሎቱን ስለሚወስድ ፈጥኖ ያደርቃል።

ሲኒያውን መሃል ላይ አድርጉ። ከሥሩ እሳት ጋር ከተጠጋ ታቹ ያራል፣ ላዩ ነጭ ይሆናል። ሲኒያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከሞላም የጋለው አየር ወደ ላይ መውጫ ያጣል፤ በየጎኑ የሁለት ጣት ክፍተት ይኑር።

ጊዜው እኩል ሲሆን አንድ ጊዜ አገላብጡ። አስቀድማችሁ ብትሞክሩ ይይዝና ይቦጨቃል። እንጀራ ሲበስል ጠርዙ ራሱ ከምጣዱ እንደሚነሳ ሁሉ፣ የድንቹ ታችም ሲቀላ ራሱ ይላቀቃል። በማንኪያ ገፋ ስታደርጉት እምቢ ካለ አምስት ደቂቃ ተዉትና ተመለሱ። ሲኒያውንም አዙሩት፣ የኋላው ወደፊት ይምጣ፤ የፉርን ኋላ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይበልጥ ይግላል። በሩን ስትከፍቱ ፊታችሁን አርቁ፣ እንፋሎቱ መጀመሪያ ይውጣ። የምትይዙበት ጨርቅ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን በቶሎ ወደ እጅ ያሳልፋል።

አሁን አንድ ቀን እንሥራ። ረመዳን ነው እንበል፣ መግሪብ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ30 ነው፣ በቤቱ ሰዓት 6:30 ማለት ነው። አንድ ኪሎ ድንችና ግማሽ ኪሎ ካሮት በሁለት ጣት ልክ ይፈለጋል። ወደኋላ እንቁጠር። 12 ሰዓት ከ25 ላይ መውጣት አለበት። ሁለት ሲኒያ አብረው ሲገቡና በሩ ሲከፈት ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ለድንቹ 40 ሳይሆን 45 ደቂቃ እንያዝለት። ስለዚህ ድንቹ 11 ሰዓት ከ40 ላይ ይገባል። ካሮቱ በሌላ ሲኒያ 11 ሰዓት ከ50 ላይ ይከተላል። ፉርኑ 11 ሰዓት ከ15 ላይ ይለኮሳል። መላጥ፣ መቁረጥ፣ መንከርና ማድረቅ 35 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ 11 ሰዓት ላይ ቢላው እጃችሁ ላይ ነው። 12 ሰዓት ከ5 ላይ ድንቹን አገላብጡ፤ የላዩን ሲኒያ ወደታች፣ የታቹን ወደላይ አድርጉ። 12 ሰዓት ከ15 ላይ ካሮቱን ተመልከቱ፤ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሹካ በቀላሉ ከገባ አውጡት፣ ድንቹ ለብቻው ይጨርስ። ሹካ ድንቹ መሃል ሳይታገል ገብቶ ከወጣና፣ ሲኒያውን ስትወዘውዙት ቁራጮቹ ደረቅ ድምፅ ካሰሙ በስሏል። ውስጡ በስሎ ቀለም ብቻ ከጎደለ የላዩን እሳት ለኩሱና ሦስት አራት ደቂቃ ከፊቱ ሳትለዩ ቁሙ።

ከወጣ በኋላ በፎይል አትሸፍኑት። እንፋሎቱ ታፍኖ ያለሰልሰዋል፣ የለፋችሁበት ቅርፊት በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። ሰው ከዘገየ ሲኒያው ላይ እንደተዘረጋ ይቆይ፣ ሲመጡ የጋለ ፉርን ውስጥ አምስት ደቂቃ መልሱት።

ድንቹን ቀድማችሁ መቀቀል የምትወዱ አላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ በሁለት ጣት የተቆረጠውን ቀቅላችሁ፣ ውሃውን አጥልላችሁ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ድስቱን ብትወዘውዙት ጠርዙ ይሻክራል፣ የሻከረው ደግሞ ያማረ ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ ፉርን ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ነገር ግን አዲስ አበባ የለመዳችሁትን ሰዓት እዚህ አትጠቀሙ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጅዳ ባሕር ዳር ስለሆነች በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው፤ መካም ብዙ አትለይም። እዚህ የሚፈላው ውሃ የበለጠ ይግላል፣ ድንቹም ቶሎ ይበስላል። ውሃው ከፈላ በኋላ ሰባት ደቂቃ ላይ ሞክሩት፤ ቢላ ከዳር በቀላሉ ገብቶ መሃል ላይ ያዝ ካደረገው ልኩ ነው። ከዚያ ካለፈ ስትወዘውዙት ይፈርሳል።

ስህተት ሲኖር ምልክቱን ማንበብ ይቻላል። ሲኒያው ላይ ውሃ ካቆረና ቁራጮቹ ነጭና ልፍስፍስ ከሆኑ፣ ወይ ተጨናንቀዋል፣ ወይ እርጥብ ገብተዋል፣ ወይ ፉርኑ አልጋለም። ውሃውን ድፉ፣ ሁለት ሲኒያ ላይ አራርቁት፣ እሳቱን ጨምሩ፤ ይድናል። ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ ደግሞ ቁራጩ ትልቅ ነው ወይም እሳቱ በዝቷል። ወደ 180 አውርዱት፣ ፎይል አልብሱት፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ጨምሩ፤ መጨረሻ ላይ ፎይሉን አንሱለት።

እዚህ አገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። በሙቀቱ የተነሳ ድንቹን ብዙ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጥሬ ድንች በፍሪጅ ብርድ ለቀናት ሲቆይ ከዱቄቱ የተወሰነው ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳር የበዛበት ድንች ፉርን ውስጥ ገና ሳይበስል ይጠቁራል፣ ሲበላም ይጣፍጣል፣ ቅርፊቱም ምሬት ይኖረዋል። በተመሳሳይ እሳትና ሰዓት ባለፈው ሳምንት አምሮ የወጣው ዛሬ ከጠቆረባችሁ፣ ድንቹ የት እንደከረመ አስቡ። የሚቻል ከሆነ ከፍሪጅ ውጪ፣ ብርሃን በማይነካው፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ ይገዛ። ማዳም ፍሪጅ ውስጥ ይሁን ካለች ግን ፉርኑን ወደ 190 ዝቅ አድርጉና አሥር ደቂቃ ጨምሩ፣ ደግሞም ቀድማችሁ ቀቅሉት፤ ስኳሩ ከፊሉ በውሃው ይሄዳል። ካሮት ግን ለፍሪጅ የተሠራ ነው፣ እሱን አትፍሩለት።

የቀለሙ ልክ ወርቃማ፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ ነው። ከዚያ አልፎ የጠቆረው ይመራል፣ ለጤናም አይመከርም፤ እሱን ለይታችሁ አውጡት። "ሐምሪ" ስትባሉ ይህን ቀለም ያዙ፤ ሲኒያውን ከመሙላታችሁ በፊትም በቁራጮቹ መካከል ጣታችሁ ማለፉን እዩ።